ለሁለተኛ ዲግሪ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሲጠየቅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ደመወዝ ስለማልጠይቅ አሠሪዬ ሊከለክለኝ አይችልም።»

ይችላል። በግል ድርጅት ለሚሠራ ሰው የሚያገለግለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በዚህ አዋጅ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሠራተኛው ሲጠይቅ አሠሪው ከፈለገ የሚሰጠው ነው። ከሰጠ ግን የሥራ ውሉ ለጊዜው ይታገዳል እንጂ አይቋረጥም። ፈቃዱ ባለቀ ማግስት በሥራ ቀን የተገኘውን ሠራተኛም አሠሪው ወደ ሥራው መመለስ አለበት። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው።

«የትምህርትን ጥቅም አብራርቼ ብጽፍ ያሳምናቸዋል።»

ሥራ አስኪያጁን የሚያሳስበው ሥራው በማን እጅ እንደሚቀር ነው። ጎንደር ውስጥ ሒሳቡን ሰኔ 30 በሚዘጋ ሆቴል የምትሠራ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ አዲስ አበባ ለመማር ተቀባይነት አገኘች እንበል። ሆቴሉ በጥምቀት ሰሞን እንግዳ ይበዛበታል፤ ባለቤቱ ያኔ ያለ ሒሳብ ሠራተኛ መቅረትን ይፈራል። ስለዚህ እኔ ብሆን ስለ ዲግሪው ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ ሳልጽፍ ወደዚህ እገባለሁ፦ «የ2018 በጀት ዓመት ሒሳብን ዘግቼ፣ በነሐሴ ወር ለተተኪዬ በጽሑፍ ርክክብ አደርጋለሁ። ተተኪዬ የጥምቀትን የእንግዳ ሒሳብ እንዴት እንደሚያወራርድ አስቀድሜ አሳያለሁ።» የዩኒቨርሲቲው የቅበላ ደብዳቤ ቅጂ አባሪ ይሆናል።

«‹ተመልሼ በታማኝነት አገለግላለሁ› ካልኩ ቃል ገብቻለሁ።»

ቀን የሌለው ቃል አሠሪውን አያረጋጋም፤ ጠያቂዋንም አይጠብቃትም። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ከሆነ እንዲህ ይጻፍ፦ «ፈቃዱ ከመስከረም 1 ቀን 2019 እስከ ጳጉሜን 5 ቀን 2020 ዓ.ም. እንዲሆንልኝ እጠይቃለሁ። መስከረም 2 ቀን 2021 ዓ.ም. በሥራ ገበታዬ እገኛለሁ።» መስከረም 1 በዓል በመሆኑ መመለሻው ማግስቱ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ስለሚዘገይ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨመር፦ «ማራዘሚያ ካስፈለገኝ ጊዜው ከማለቁ ሁለት ወር በፊት በጽሑፍ እጠይቃለሁ።» ከተመለሱ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ለማገልገል ቃል መግባትም ይቻላል፤ ጊዜው ግን በቁጥር ይጠቀስ። ድርጅቱ የትምህርት ወጪ ካልሸፈነ «ካልተመለስኩ ወጪውን እከፍላለሁ» የሚል ሐረግ ቦታ የለውም። ፈርሙ ካሉም ገንዘቡ የምን እንደሆነ ሳይታወቅ ፊርማ አይቀመጥ።

«ደብዳቤውን ተቀብለው ዝም ካሉ ፈቅደዋል ማለት ነው።»

ዝምታን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ መሄድ አደገኛ ነው፤ ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ መቅረት ለስንብት ሊያበቃ ይችላል። ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ በአንዱ ላይ ተቀባዩ ቀን ጽፎ ይፈርም። መልሱም የፈቃዱን መጀመሪያና መጨረሻ ቀን፣ የሚመለሱበትን የሥራ መደብ፣ ማኅተምና ፊርማ የያዘ ደብዳቤ መሆን አለበት። ሥራ አስኪያጁ በቃል «ሂጂ፣ ችግር የለም» ቢላት እንኳ ይህ ደብዳቤ እጇ ሳይገባ ጎንደርን መልቀቅ የለባትም።