ሦስቴ ተለክቶ አንዱ ለምን ይጣላል?

የጤና ጥናት ባለሙያዎች ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም መጥተው በር አንኳኩ እንበል። ጥናቱ «ስቴፕስ» ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ነው። ሦስት ደረጃ አለው፦ መጀመሪያ ጥያቄ፣ ቀጥሎ የሰውነት ልኬት፣ በመጨረሻ የደም ምርመራ። ለስኳር የሚወሰደው ደም ሳይበላ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ለማግስቱ ጠዋት ይቀጠራል።

ሰው ግራ የሚገባው ግን የደም ግፊቱ ልኬት ነገር ነው። የቤቱ እመቤት አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወጥተው ገና መግባታቸው ነው። 15 ደቂቃ ያህል ዝም ብለው እንዲቀመጡ ይደረጋል፤ እግር ሳይነባበር፣ ክንድ ጠረጴዛ ላይ አርፎ። ከዚያ በሦስት ሦስት ደቂቃ ልዩነት ሦስቴ ይለካሉ። 152/94፣ 138/88፣ 134/86 ወጣ እንበል። የመጀመሪያው ይተዋል፤ እንግዳ ሰው ፊት ሲለካ ልብ መምታቱ አይቀርም። የሁለቱ አማካይ 136/87 ነው። መስመሩ የላይኛው ቁጥር 140 ወይም የታችኛው 90 መድረሱ ስለሆነ እሳቸው ግፊት ካለባቸው ጋር አይቆጠሩም። የመጀመሪያው ብቻ ቢያዝ ኖሮ ይቆጠሩ ነበር።

ባለቤታቸው ደግሞ 128/80 ሆኑ፤ ግን የግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ። እሳቸው ይቆጠራሉ! ቁጥሩን ያወረደው መድኃኒቱ ነዋ።

ይህ ሁሉ በሕዝቡ ውስጥ ግፊት ያለበት ሰው ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ እንጂ ለግል ምርመራ አይደለም። በአንድ ቀን ልኬት «ግፊት አለብዎት» አይባልም። ከፍ ያለበት ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ በሌላ ቀን ደግሞ ይለካ።