የእርጅና ቅናሽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«በዲክላይኒንግ ባላንስ ካሰላን ትርፋችን ይበላል፤ ስትሬት ላይኑ ይሻለናል።»

የእርጅና ቅናሽ ማለት የንብረትን ግዢ ዋጋ በአገልግሎት ዘመኑ ላይ እያከፋፈሉ በወጪ መያዝ ነው፤ ሒሳብ በተዘጋ ቁጥር ግን ስለ ሁለቱ ዘዴዎቹ ይህንኑ መስማት ሰልችቶኛል። አንድ አይሱዙ በ2,000,000 ብር ተገዛ እንበል፤ የአገልግሎት ዘመኑ 5 ዓመት፣ በመጨረሻ የሚቀረው ዋጋ 200,000 ብር። ወጪውን በየዓመቱ እኩል በሚያካፍለው በስትሬት ላይን በየዓመቱ 360,000 ብር ወጪ ይያዛል። በዲክላይኒንግ ባላንስ፣ በየዓመቱ ገና በወጪ ካልተያዘው ዋጋ ላይ 40 በመቶ ሲሰላ፣ ወጪው በቅደም ተከተል 800,000፣ 480,000፣ 288,000፣ 172,800 እና 59,200 ይሆናል። ደምሩት፤ በሁለቱም 1,800,000 ብር ነው።

ድርጅቱ ከዚህ ወጪ በፊት በየዓመቱ 1,000,000 ብር የሚያተርፍ ከሆነ፣ በስትሬት ላይን ሁሌም 640,000 ያሳያል። በሌላው መጀመሪያ 200,000 ብቻ አሳይቶ በአምስተኛው ዓመት 940,800 ይደርሳል። የአምስቱ ዓመት ድምር በሁለቱም 3,200,000 ነው፤ ከካዝናም በዘዴው ምክንያት አንድ ብር አልወጣም።

«የመዝገብ ዋጋው የገበያ ዋጋው ነው።» አይደለም፤ ገና በወጪ ያልተያዘው የግዢ ዋጋ ነው።

ዋናው ጥፋት የሚመጣው ግን ሽያጭ ላይ ነው። አንድ የትራንስፖርት ባለቤት መኪና ሸጠው «ጥሩ አተረፍን» ብለው ሪፖርቱን ዘርግተውልኝ ነበር። ከላይ ያለው አይሱዙ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 1,100,000 ብር ተሸጠ እንበል። በስትሬት ላይን የመዝገብ ዋጋው 1,280,000 ስለሆነ 180,000 ብር ኪሳራ ይመዘገባል። በዲክላይኒንግ ባላንስ ግን 720,000 ላይ ወርዷልና 380,000 ብር «ትርፍ» ይታያል። መኪናው ያው፣ ገዢው ያው፣ ብሩም ያው! ያ ትርፍ በሁለቱ ዓመታት ከተገቢው በላይ የተያዘው ወጪ ተመልሶ መምጣቱ ነው። የሁለቱን ዓመት ቅናሽና የሽያጩን ውጤት አንድ ላይ ብታዩት በሁለቱም መንገድ መኪናው 900,000 ብር አስወጥቷል። ስለዚህ የሽያጭ ትርፍ ስታዩ ከመደሰታችሁ በፊት ያለፉትን ዓመታት ቅናሽ አውጡና ተመልከቱ።

«መጀመሪያ ቀሪ ዋጋው ይቀነሳል።» ይህ የስትሬት ላይን አሠራር ነው። በዲክላይኒንግ ባላንስ 40 በመቶው የሚሰላው በሙሉው የመዝገብ ዋጋ ላይ ነው፤ ቀሪ ዋጋው መቆሚያ ወለል ብቻ ነው። በአምስተኛው ዓመት 259,200 ላይ 40 በመቶ ብታሰሉ 103,680 ይመጣና ዋጋው ከ200,000 በታች ይወርዳል። 59,200 የያዝነው ለዚህ ነው። የኤክሴል ሠንጠረዣችሁ ከወለሉ በታች ከወረደ ቀመሩ ላይ ገደቡ ተረስቷል ማለት ነው።

«ትርፉ ሲያንስ ዘዴውን እንቀይር።» ዓለም አቀፉ የሒሳብ አያያዝ ደረጃ አይ ኤ ኤስ 16 ዘዴው የንብረቱን ጥቅም አወሳሰድ እንዲከተል ያዛል። አወሳሰዱ በእርግጥ ከተለወጠ ዘዴው ይቀየራል፤ ለውጡ ወደ ፊት ላሉት ዓመታት ብቻ እንጂ ያለፈው ሪፖርት አይነካም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ የሚሠራና ቶሎ የሚያረጅ የጭነት መኪና ለዲክላይኒንግ ባላንስ ይስማማል፤ በየዓመቱ እኩል የሚያገለግል የቢሮ ወንበር ግን ስትሬት ላይን ይበቃዋል።