አንድ የማዳበሪያ ሺት፣ ሦስት ድምር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ታች ያለው ድምር 6,600 ይላል። ማህበር በማህበር በካልኩሌተር ስንደምር 2,790 ይመጣል። በወረዳ ስናጠቃልለው ደግሞ 1,360 ነው። የቱ ነው ትክክሉ?»

አንዳቸውም አይደሉም፤ ትክክለኛው 3,300 ኩንታል ነው። ሦስቱም የተሳሳቱ መልሶች የወጡት ከአንድ ፋይል ነው፤ ቁጥሮቹን ያስገባው ሰውም አንድም ስህተት አልሠራም። ሺቱ ለዓይን እንዲያምር ተደርጎ ስለተሠራ ነው ሒሳቡ የተበላሸው። ለምሳሌ እንዲሆን የምዕራብ ጎጃም ሦስት ወረዳዎች በጋራ የሚሞሉትን የዩሪያ ስርጭት ሺት እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው።

| | A ወረዳ | B ማህበር | C ዩሪያ |
|---|---|---|---|
| 2 | ቡሬ | ማህበር 1 | 420 |
| 3 | | ማህበር 2 | 380 |
| 4 | | ማህበር 3 | 250 |
| 5 | ድምር | | 1,050 |
| 6 | ደምበጫ | ማህበር 4 | 300 |
| 7 | | ማህበር 5 | 510 |
| 8 | | ማህበር 6 | 190 |
| 9 | ድምር | | 1,000 |
| 10 | ጃቢ ጠህናን | ማህበር 7 | 640 |
| 11 | | ማህበር 8 | 275 |
| 12 | | ማህበር 9 | 335 |
| 13 | ድምር | | 1,250 |

የወረዳው ስም ለሦስት ሦስት ረድፍ ሜርጅ ተደርጎ መሃል ላይ ተጽፏል። 7ኛው ረድፍ ተደብቋል። ከጀርባ ደግሞ «ዋጋ» የሚባል የተደበቀ ሺት አለ።

«ረድፉን ሃይድ አድርጌዋለሁ፤ ከድምሩ ወጥቷል።»

አልወጣም። `SUM` የሚደበቅና የሚታይ አይለይም፤ 510ሩን ቆጥሮ ነው ለደምበጫ 1,000 ያወጣው። ስክሪኑን እያየ በካልኩሌተር የደመረው ሰው ግን 300 እና 190 ብቻ ነው ያገኘው። 2,790 የመጣው ከዚህ ነው። ምልክቱ በግራ በኩል ባለው የረድፍ ቁጥር ላይ ይታያል፦ ከ6 ቀጥሎ 8 ካለ መሃል ላይ የተደበቀ ነገር አለ።

የሚታየው ብቻ እንዲደመር ከተፈለገ ለዚያ የተሠራ ፎርሙላ አለ።

```
=SUBTOTAL(9,C6:C8)
=SUBTOTAL(109,C6:C8)
```

9 የሚለው በፊልተር የተጣሩትን ይተዋል፣ በእጅ የተደበቁትን ግን ይደምራል። 109 ሁለቱንም ይተዋል። ለሪፖርት የሚሆን ድምር ግን በመደበቅ ላይ ባይመሠረት ይሻላል፤ ነገ ሌላ ሰው ረድፉን ሲገልጠው ቁጥሩ ይቀየራል፣ ለምን እንደተቀየረም የሚያውቅ አይኖርም። ማህበር 5 ማዳበሪያውን መልሶ ከሆነ ረድፉን ከመደበቅ ይልቅ «ሁኔታ» የሚል ዓምድ ጨምሮ «ተመላሽ» ብሎ መጻፍ ነው የሚያዋጣው።

የተደበቀ ሺትም እንደዚሁ ሥራውን አያቆምም። D ዓምድ ላይ ብሩን የሚያወጣው ፎርሙላ `=C2*'ዋጋ'!$B$2` ከሆነ፣ በ«ዋጋ» ሺት ውስጥ የአምናው ዋጋ እንዳለ ከቀረ የዘንድሮው ብር በሙሉ በአምናው ዋጋ ይሰላል። ሺቱ ስለማይታይ ማንም አይጠረጥርም። ኤክሴል ላይ ከታች ካሉት የሺት ስሞች በአንዱ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ `Unhide` ማለት፣ ጉግል ሺትስ ላይ ደግሞ `View` ገብቶ `Hidden sheets` ማየት ነው። ኤክሴል ውስጥ በ`Unhide` ዝርዝር የማይወጣ፣ `xlSheetVeryHidden` የተባለ ሺትም ይኖራል። እሱ የሚታየው `Alt+F11` ተጭኖ ሲከፈት ነው። የትኛው ፎርሙላ ከሌላ ሺት እንደሚቀዳ ለማወቅ `Ctrl+F` ከፍቶ `Look in` ላይ `Formulas` መምረጥና `!` ምልክትን መፈለግ ይበቃል።

«ሴሎቹን ሜርጅ ካደረግሁ ስሙ ለሦስቱም ረድፍ ይሆናል።»

ለዓይን ነው እንጂ ለሒሳቡ አይሆንም። ሜርጅ በተደረገ ቦታ ጽሑፉን የሚይዘው የላይኛው የግራ ሴል ብቻ ነው። «ቡሬ» የሚለው A2 ውስጥ አለ፤ A3 እና A4 ባዶ ናቸው። ስለዚህ ይህ ፎርሙላ

```
=SUMIF(A2:A13,"ቡሬ",C2:C13)
```

1,050 ሳይሆን 420 ይሰጣል። ደምበጫ 300፣ ጃቢ ጠህናን 640 ይሆናሉ፤ 1,360 የተባለው የሦስቱ ድምር ነው። ፎርሙላው ስህተት የሚል ምልክት አያሳይም፤ ሥራውን በትክክል ሠርቷል፣ ያገኘውን ደምሯል። ፒቮት ቴብል ሲሠራ ግን ችግሩ ይጋለጣል፦ ሦስቱ ወረዳዎች ከላይ ያለውን ትንሽ ቁጥር ይዘው፣ «ድምር» የሚለው 3,300 ይዞ፣ ስም የሌለው አንድ መስመር 1,940 ይዞ ይመጣል። በፒቮት ላይ `(blank)` የሚል ወይም ባዶ ስም ያለው መስመር ከታየ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ሜርጅ ነው። ሶርት ለማድረግ ሲሞከርም ኤክሴል ሜርጅ የተደረጉት ሴሎች እኩል መጠን ካልሆኑ እምቢ ይላል።

ማስተካከያው እንዲህ ነው። A2 እስከ A13 ይመረጥና `Merge & Center` ሥር `Unmerge Cells` ይባላል። ስሞቹ በየመጀመሪያው ረድፍ ይቀራሉ፣ ሌላው ባዶ ይሆናል። ባዶዎቹን ከመሙላት በፊት ግን «ድምር» የሚሉትን ረድፎች ማጥፋት ይቀድማል። በአንዳንድ ሺት «ድምር» የሚለው ቃል B ላይ ስለሚጻፍ A ባዶ ነው፤ ቀድሞ ከተሞላ ድምሩም የቡሬ ማህበር መስሎ ይገባል። ከዚያ በኋላ የቀረውን የA ዓምድ መርጦ `F5`፣ `Special`፣ `Blanks` ማለት፤ ባዶዎቹ ብቻ ተመርጠው ሲቀሩ `=` ጽፎ የላይ ቀስት መጫን፤ በመጨረሻም `Ctrl+Enter`። እያንዳንዱ ባዶ ከላዩ ያለውን ስም ይወርሳል። ጉግል ሺትስ ይህ አማራጭ ስለሌለው፣ ባዶ በሆነ ዓምድ ላይ፣ E ነው እንበል፣ E2 ውስጥ ይህን ጽፎ ወደ ታች መጎተት ነው።

```
=IF(A2="",E1,A2)
```

በሁለቱም መንገድ የተሞላው ፎርሙላ ስለሆነ፣ ሶርት ሲደረግ እንዳይዘባረቅ ወዲያው ኮፒ አድርጎ እዚያው ላይ፣ E ላይ የተሞላውን ግን A ላይ፣ `Ctrl+Shift+V` ወይም `Paste Special` በሚለው ውስጥ `Values` ማለት ያስፈልጋል።

ስሞቹ ከተሞሉ በኋላ የእኛ ፊደል የሚያመጣው ጣጣ አለ። አንዱ «ጃቢ ጠህናን» ሲጽፍ ሌላው «ጃቢ ጠሕናን» ይጽፋል፤ «ፍኖተ ሰላም» እና «ፍኖተ ሠላም»ም እንደዚሁ። ለአንባቢ አንድ ቦታ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት። ከስሙ በኋላ የቀረ ባዶ ቦታም ያው ነው። ፒቮቱ ላይ አንድ ወረዳ ሁለት ጊዜ ከወጣ `Ctrl+H` ተጠቅሞ አንዱን አጻጻፍ መምረጥ፤ ለከርሞ ደግሞ `Data validation` ውስጥ የወረዳዎቹን ዝርዝር አስገብቶ ሰው እንዲመርጥ እንጂ እንዲጽፍ አለማድረግ።

«ሁሉንም ዓምድ ብደምር ምን ችግር አለው?»

`=SUM(C2:C13)` ማህበራቱን ይደምራል፣ ከነሱ የወጡትን ሦስት ንዑስ ድምሮችም ይደምራል። 3,300 ሲደመር 3,300፣ 6,600። ልክ እጥፍ የሆነ ቁጥር ሲታይ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው። ንዑስ ድምሮቹ ቢፈለጉ እንኳ በ`SUM` ሳይሆን በ`SUBTOTAL(9,…)` ይሠሩ፤ የመጨረሻው ድምርም `SUBTOTAL` ከሆነ መሃል ላይ ያሉትን `SUBTOTAL`ዎች ይዘላቸዋል፣ ሁለት ጊዜ አይቆጥርም።

«ቁጥሩ ይታያል እኮ፤ ለምን አይደመርም?»

የሚታየው ጽሑፍ ሊሆን ይችላል። አንዱ ወረዳ C4 ላይ 250 ከማለት «250 ኩንታል» ብሎ ከሞላ `SUM` ዝም ብሎ ያልፈዋል፤ ቡሬ 800 ይሆናል። `=C2+C3+C4` ተብሎ ቢሆን ኖሮ `#VALUE!` ብሎ ይጮህ ነበር። `SUM` አይጮህም። ለማጣራት ንዑስ ድምሮቹ ከጠፉ በኋላ እነዚህን ሁለቱን ማነጻጸር ነው።

```
=COUNTA(C2:C10)
=COUNT(C2:C10)
```

የመጀመሪያው የተሞላውን ሁሉ፣ ሁለተኛው ቁጥር የሆነውን ብቻ ይቆጥራል። 9 እና 8 ከመጣ አንዱ ጽሑፍ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወደ ግራ ተጠግቶ ይታያል። `Ctrl+H` ከፍቶ « ኩንታል» የሚለውን ከፊቱ ካለው ባዶ ቦታ ጋር በምንም መተካት ይበቃል። መለኪያው በርዕሱ ላይ አንድ ጊዜ ይጻፍ።

ቀን ያለበት ዓምድ ሲኖር ነገሩ ይከፋል። ሰኔ 15 ቀን 2017ን 15/10/2017 ብሎ የጻፈ ሰው፣ ቀንን በሚያስቀድም ኮምፒውተር ላይ የፈረንጆቹን ኦክቶበር 15 ቀን 2017 አስገብቷል ማለት ነው። ጥቅምት 30 ማለትም 30/02/2017 ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 ስለሌለው ጽሑፍ ሆኖ ይቀራል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ይሆናል። ቀን፣ ወር እና ዓመተ ምህረት በሦስት የተለያዩ ዓምዶች ቢሞሉ ይህ ሁሉ አይመጣም።

«ንጹህ እንዲሆን ወደ ሌላ ፋይል ኮፒ አደርገዋለሁ።»

ኮፒው ከነሜርጁ፣ ከነንዑስ ድምሩ ይሄዳል። `CSV` አድርጎ ማስቀመጥም የተከፈተውን አንዱን ሺት ብቻ ይወስዳል፣ ሜርጁን ወደ ባዶ ሴል ይለውጠዋል፣ የተደበቀውን ረድፍ ግን ይዞት ይሄዳል። ማጽዳት በቅደም ተከተል ነው፦ በጋራው ፋይል ላይ ሳይሆን በኮፒው ላይ መሥራት፤ የተደበቁ ሺቶችንና ረድፎችን መግለጥ፣ ፊልተር ማንሳት፤ «ዋጋ» ላይ ያለውን ዋጋ ማረጋገጥ፤ ሜርጅ መፍታት፣ «ድምር» ረድፎችን ማጥፋት፣ ስሞቹን መሙላት፤ ከዚያ ሁሉንም በ`Values` መለጠፍ። «ዋጋ» የሚለው ሺት የማያስፈልግ ከሆነ የሚጠፋው ከዚህ በኋላ ብቻ ነው። ቀድሞ ከጠፋ D ዓምድ በሙሉ `#REF!` ይሆናል።

የጋራው ፋይል ጉግል ሺትስ ላይ ከሆነ በላዩ ላይ ተራ ፊልተር አይደረግ፤ ቡሬን ብቻ ለማየት የተደረገ ፊልተር የደምበጫውን ባለሙያ ስክሪንም ያጣራበታል። `Data` ውስጥ ያለው `filter view` የራስን እይታ ብቻ ይቀይራል።

ሲያልቅ ሺቱ ላይ አንድ ርዕስ፣ ዘጠኝ ረድፍ፣ በእያንዳንዱ ረድፍ የወረዳ ስም ይኖራል። ማጠቃለያው በሌላ ሺት ላይ ይሠራል፤ የሦስቱ ወረዳ `SUMIF` 1,050፣ 1,000 እና 1,250 ይሰጣል። ከነሱ ሥር ይህ አንድ ሴል ይቀመጥ፤ «መረጃ» የጸዳው ሺት ስም ነው፣ B2 እስከ B4 የወረዳዎቹ ድምር።

```
=SUM('መረጃ'!C2:C10)-SUM(B2:B4)
```

0 ካለ ከሦስቱ ወረዳዎች ድምር ውጭ የቀረ ማህበር የለም። 275 ካለ ግን ማህበር 8 የተጻፈበትን የወረዳ ስም ፊደል በፊደል ማየት ነው።