በዳይስ፣ በቆርኪና በእጅ በተሳለ ካርታ የሚሠራ የቤተሰብ ጨዋታ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ዳይስ ያለበት ጨዋታ ዕድል ብቻ ነው፤ ምንም ማሰብ አይጠይቅም።»

አንድ ዳይስ ጥሎ አንድ ቆርኪ በአንድ መንገድ ለሚያስኬድ ሰው እውነት ነው። ዳይሱ የሚለውን ከመፈጸም ሌላ ሥራ የለውም። ሁለት ዳይስ፣ ሁለት ቆርኪና ሁለት መንገድ ሲኖር ግን ነገሩ ይለወጣል።

በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የምንጫወተውን ልውሰድ። ካርታው ከኮዬ ተነሥቶ መርካቶ ደርሶ የሚመለስ ጉዞ ነው። አንዱ መንገድ በቱሉ ዲምቱና በቃሊቲ፣ ሌላው በጎሮና በመገናኛ ያልፋል። የቃሊቲው መርካቶን ጨምሮ 10 ክብ አለው፤ የጎሮው 11። የቃሊቲው ያጥራል፤ ነገር ግን 5ኛው፣ 6ኛውና 7ኛው ክብ ቀይ የተቀባ የመኪና መጨናነቅ ነው። እዚያ ያረፈ ቆርኪ የሚወጣው በ5 ወይም በ6 ብቻ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ቆርኪ አለው። በተራው ሁለቱን ዳይስ ይጥልና አንዱን ለአንዱ ቆርኪ፣ ሌላውን ለሌላው ይሰጣል፤ የትኛውን ለየትኛው እንደሚሰጥ የሚወስነው ራሱ ነው። ሁለቱንም ቆርኪ መርካቶ አድርሶ፣ ዕቃ አስጭኖ፣ ቀድሞ ቤቱ የመለሰ ያሸንፋል።

አሁን አንዱ ቆርኪ በቃሊቲ መንገድ 3ኛው ክብ ላይ፣ ሌላው በጎሮ መንገድ 7ኛው ላይ ቆመዋል እንበል። ዳይሶቹ 5 እና 2 አወጡ። 5ቱን ለጎሮው ብንሰጥ አንድ እርምጃ ተርፎት መርካቶ ይገባል፤ የቃሊቲው ግን በ2 ሄዶ ቀዩ ላይ ያርፋል። 5ቱን ለቃሊቲው ብንሰጥ ቀዩን ሙሉ በሙሉ ዘሎ 8ኛው ላይ ይቆማል፤ የጎሮው ግን ከመርካቶ በር ሁለት ክብ ርቆ ይቀራል። ከሁለት ዳይስ ቢያንስ በአንዱ 5 ወይም 6 የመምጣት ዕድሉ ከ36 ውስጥ 20 ነው፤ ከግማሽ ትንሽ ይበልጣል። ስለዚህ ቀዩ ላይ መግባት ጥፋት አይደለም፤ ዋጋ ያስከፍላል እንጂ። የአሥር ዓመት ልጅ ይህን በስሌት ሳይሆን በልምድ ይደርስበታል፤ ከዚያ በኋላ ከአባቱ ጋር መከራከር ይጀምራል።

ሁለቱን ዳይስ ደምሮ መሄድ ግን ይህን ሁሉ ያጠፋዋል። ጉዞው ይፈጥናል፤ ምርጫው ግን ይሞታል።

«ደንቡ ጥቂት ከሆነ ቶሎ ይሰለቻል።»

የሚሰለቸው የደንቡ ቁጥር ስላነሰ አይደለም፤ ምርጫ ስለሌለ ነው። ደንብ በጨመረ ቁጥር የሚበዛው ብዙውን ጊዜ ክርክሩ ነው፤ በተለይ ደንቡ በቃል መያዝ ያለበት ከሆነ። «አንድ ተራ ይቀጣል» የሚለውን ተመልከቱ። ማን እንደተቀጣ፣ ቅጣቱ ማለቁንና አለማለቁን የሚያስታውስ ሰው ይፈልጋል፤ ቡና በሚፈላበት ቤት ደግሞ ማንም አያስታውስም። «በ5 ወይም በ6 ይወጣል» የሚለው ግን ክቡ ላይ ይጻፋል። ቆርኪው እዚያ እስካለ ድረስ ደንቡም እዚያ አለ።

እኔ አዲስ ደንብ ሲቀርብልኝ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ አንድ ሰው ስልክ ሊያነሣ ወጥቶ ቢመለስ፣ ካርታውን በማየት ብቻ ሁኔታውን ያውቃል? ካላወቀ ደንቡን አልቀበልም።

ቆርኪ ለዚህ የተሠራ ይመስላል። ጠፍጣፋው ወደ ላይ ሲሆን ባዶ ነው፤ መርካቶ ሲደርስ ይገለበጥና አፉ ወደ ላይ ይሆናል፣ ዕቃ ጫነ ማለት ነው። አንዱ በአንዱ ላይም ይደረባል። በእኛ ጨዋታ ሌላ ቆርኪ ያለበት ክብ ላይ የደረሰ ከላይ ይቀመጣል፤ የታችኛው ደግሞ ላዩ እስኪነሣ አይንቀሳቀስም። ታክሲ ከኋላው ሌላ መኪና ቆሞበት ሲዘጋ ማለት ነው። በዳማ እንደለመድነው መብላት አላስገባንም፤ ከመርካቶ ተመልሶ ቤቱ ሊገባ አንድ ክብ የቀረው ቆርኪ እንደገና ከኮዬ ቢነሣ የሄደበት ሁሉ ይጠፋል፣ ጨዋታውም ይንዛዛል። መደረብ ግን የሚያስከፍለው ብዙ ጊዜ አንድ ተራ ነው፤ ምክንያቱም የላይኛው ባለቤት ተራው ሲደርስ ከቻለ የግድ መንቀሳቀስ አለበት።

አንድ ችግር ግን ይገጥማል። የኮካው ቀይና የሚሪንዳው ብርቱካናማ ቀለም ያለው በጠፍጣፋው በኩል ብቻ ስለሆነ፣ ቆርኪው ሲገለበጥ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ውስጡንም በጥፍር ቀለም ወይም በማርከር መቀባት ያስፈልጋል። ቆርኪዎቹም በመክፈቻ ብዙ ያልታጠፉ ይሁኑ፤ የተጣመመ ሲደረብ ይንሸራተታል።

«መጨረሻ ላይ ልክ ቁጥሩ ካልመጣ መግባት የለበትም፤ ልብ የሚሰቅለው እሱ ነው።»

ይህ ደንብ ከሌሎች ጨዋታዎች በልማድ የመጣ ነው፤ ዋጋውን የሚያሰላ ጥቂት ነው። በአንድ ዳይስ ስንጫወት፣ ቆርኪው ከመጨረሻዎቹ ስድስት ክቦች በየትኛውም ላይ ቢሆን፣ ልክ ቁጥሩን አግኝቶ ለመግባት በአማካይ 6 ጊዜ መጣል ይጠይቃል። አንድ ክብ የቀረውም፣ ስድስት የቀረውም ያው ነው። በዳይስ አማካይ እርምጃ 3.5 ነውና፣ አሥር ክብ ያለውን መንገድ ሙሉ መሄድ ግን ሦስት ያህል ውርወራ ይበቃዋል። በሌላ አነጋገር በር ላይ መቆሙ ከጉዞው ሁለት እጥፍ ይረዝማል። አንድ ክብ የቀረው ሰው አሥር ጊዜ ጥሎ አንዴም 1 አለማግኘቱ ከስድስት አንድ ጊዜ ገደማ ያጋጥማል። ያን ጊዜ ልብ አይሰቀልም፤ ሰው ተነሥቶ ይሄዳል።

ስለዚህ መርካቶም ኮዬም ላይ የተረፈው እርምጃ እንዲሁ ይቅር። አንደኛው ቆርኪ ቤት ከገባ በኋላም ሁለቱን ዳይስ ጥሎ የተሻለውን መምረጥ ይፈቀድ። እንዲህ ከሆነ አራት ሰው የሚጫወተው ስምንት ዙር ገደማ ሲሆን፣ ከግማሽ ሰዓት በታች ያልቃል።

«ካርታው መሳል የሚችል ሰው ይፈልጋል።»

የሚፈልገው ስፋት ነው። ቆርኪ ከዳር እስከ ዳር 3.2 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ክቡ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ ካነሰ ቆርኪዎቹ ይገፋፋሉ። ሁለት የኤ4 ወረቀት በፕላስተር ተያይዞ መንገዱ ከተጠማዘዘ ይበቃል፤ የካርቶን ክዳን ደግሞ ይሻላል። ርቀቱ ከእውነተኛው መንገድ ጋር እንዲመጣጠን መጨነቅ አያስፈልግም። ቀለም የሚቀባው ግን ጥቂት ጊዜ በእርሳስ ከተጫወቱ በኋላ ነው። በየጨዋታው የትኛው መንገድ እንደተመረጠ ጠርዙ ላይ ምልክት ይደረግ። ሁሉም ቃሊቲን የሚመርጥ ከሆነ አንድ ቀይ ክብ ይጨመር ወይም ከጎሮው አንዱ ይቀነስ፤ ሁሉም ጎሮን ከመረጠ በተቃራኒው። አንድ ክብ ብዙ ይለውጣል፤ ሁለት ሦስት በአንዴ መቀየር የቱ እንደሠራ እንዳይታወቅ ያደርጋል።

«ትንሿ ልጅ እንድታሸንፍ ትልልቆቹ ሆን ብለው ይሸነፉላት።»

ልጅ ይህን ቶሎ ትነቃበታለች፤ ከነቃች በኋላ በእውነት ስታሸንፍም አታምንም። ብልጫውን ከጨዋታው በፊት፣ በግልጽ መስጠት ይቻላል። የእሷ አንድ ቆርኪ ገና ከጅምሩ ተገልብጦ መርካቶ ላይ ይቀመጥ፤ ከአራቱ ግማሽ ጉዞዎች አንዱ ተቀነሰላት ማለት ነው። ከዚያ ሁሉም በሙሉ ኃይሉ ይጫወታል፤ ቆርኪዋ ላይም ይደረባል። ደጋግማ ማሸነፍ ከጀመረች ቆርኪው ጎሮ መንገድ 6ኛው ክብ ላይ፣ ባዶውን ይነሣ፤ ከዚያም ኮዬ። መቼ ወደ ኋላ እንደሚመለስ እሷ ራሷ ትወስን፤ ብዙ ልጆች ከተጠበቀው ቀድመው «አሁን እኩል እንነሣ» ይላሉ።