ካሽ፦ ፍጥነቱና ያረጀ መረጃ ጣጣው

ካሽ ማለት አንድ ፕሮግራም ለፍቶ ያገኘውን ውጤት ለቀጣዩ ጠያቂ በቅርብ የሚያስቀምጥበት ቦታ ነው። ያው ጥያቄ ተመልሶ ሲመጣ ሥራው ከሀ ብሎ አይጀመርም፤ የተቀመጠው ተነስቶ ይሰጣል። ይህ የሚያዋጣው ሰው የሚጠይቀው ነገር ስለሚደጋገም ነው። አንድ የኦንላይን ሱቅ መቶ ሺህ ዕቃ ቢኖረውም፣ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አብዛኛው ገዢ የሚከፍተው ጥቂት ገጾችን ነው።

ሐሳቡን እንግሊዛዊው ሞሪስ ዊልክስ በ1965 እ.ኤ.አ. በአጭር ጽሑፍ አቅርቦታል። በ1968 ደግሞ አይቢኤም ሲስተም/360 ሞዴል 85 በተባለው ኮምፒውተሩ ውስጥ አስገባው። ዛሬ በስልካችንና በላፕቶፓችን ፕሮሰሰር ውስጥ ሁሉ አለ። ከዚህ በታች ያለው ግን በሰርቨሮች መካከል ስለሚሠራው ካሽ ነው፤ ችግሩ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነውና።

በዚህ ዘርፍ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ሜምካሽድ ነው። ብራድ ፊትዝፓትሪክ በ2003 ላይቭጆርናል ለተባለው የብሎግ ድረ ገጽ ሠራው፤ ኮዱንም ለማንም በነፃ ለቀቀው። በየሰርቨሩ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ራም ሰብስቦ እንደ አንድ ትልቅ ሜሞሪ ያገለግላል። የሚያውቀው ስምንና በዚያ ስም የተቀመጠውን መረጃ ብቻ ነው። ሰርቨሮቹ እርስ በርስ አይነጋገሩም፤ የትኛው ስም የትኛው ሰርቨር ላይ እንዳለ የሚያሰላው ጠያቂው ፕሮግራም ነው። ቦታ ሲጠብ ከተነካ የቆየውን እያስወጣ ለአዲሱ ቦታ ይለቃል። ከሱ በኋላ ብዙ ነገር የሚችሉ መሣሪያዎች መጥተዋል። ቢሆንም እንዲህ ቀላል ሆኖ ይህን ያህል ዘመን ያገለገለ ሶፍትዌር ጥቂት ነው።

የዕቃ ቁጥር 512ን ዋጋ ለማግኘት አጠቃቀሙ ብዙ ጊዜ ይህን ይመስላል፦

```
price = cache.get("price:512")
if price is None:
    price = db.read_price(512)
    cache.set("price:512", price, ttl=300)
```

መጀመሪያ ካሹ ይጠየቃል። ከሌለው ከዳታቤዙ ይነበብና ለሚቀጥለው ሰው ካሹ ውስጥ ይቀመጣል። መጨረሻ ላይ ያለው 300 የዕድሜ ገደቡ ነው፤ ከ300 ሴኮንድ በኋላ መረጃው በራሱ ይጠፋል።

ትርፉን በቁጥር እንየው። ካሹን መጠየቅ 1 ሚሊሴኮንድ፣ ዳታቤዙን መጠየቅ 20 ሚሊሴኮንድ ይፈጃል እንበል። ከመቶ ጥያቄ 90ው ካሹ ላይ ከተገኘ አማካዩ 3 ሚሊሴኮንድ ይሆናል። 99 ከተገኘ 1.2 ይደርሳል። ለተጠቃሚው ይህ ልዩነት እምብዛም አይታይም። ዳታቤዙ ግን በደንብ ያውቀዋል፤ ከመቶ 10 ጥያቄ ይደርሰው የነበረው አሁን 1 ብቻ ይደርሰዋል። ነገሩ ሲገለበጥም እንዲሁ ነው። የመገኘት መጠኑ ከ98 ወደ 96 ሲወርድ ሰው “ሁለት ፐርሰንት ምን አላት” ይላል፤ የዳታቤዙ ጫና ግን እጥፍ ሆኗል።

እስካሁን ያለው መልካሙ ወገን ነው። ዋጋው ሲቀየርስ? የተለመደው አሠራር አዲሱን ዋጋ ዳታቤዙ ላይ ጽፎ፣ ካሹ ውስጥ ያለውን መሰረዝ ነው። አዲሱን እዚያው ካሹ ላይ መጻፍ የሚቀል ይመስላል፤ ግን ሁለት ጸሐፊዎች ቢቀዳደሙ አሮጌው በአዲሱ ላይ ሊጻፍ ይችላል። መሰረዝ ግን አንዴም ሆነ አሥር ጊዜ ቢደረግ ውጤቱ ያው ነው።

ይህም ሆኖ ቀዳዳ አለ። ጫማው 2400 ብር ነበር፤ ወደ 2700 ሊጨመር ነው። አንድ ገዢ ገጹን ሲከፍት ካሹ ባዶ ስለሆነ ፕሮግራሙ ዳታቤዙን ይጠይቅና 2400 ያነባል። ያነበበውን ካሹ ላይ ሳያስቀምጥ ለአፍታ ይዘገያል። በዚያች ቅጽበት ባለሱቁ 2700 ብሎ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም ካሹን ይሰርዛል። የሚሰረዝ ነገር ግን ገና የለም። ከዚያ የዘገየው አንባቢ ይነቃና 2400ን ካሹ ላይ ያስቀምጣል። ማንም አልተሳሳተም፤ ሁሉም የታዘዘውን ነው የሠራው። ግን ካሹ የሞተ ዋጋ ይዞ ቀረ። የዕድሜ ገደብ ካለው 5 ደቂቃ፣ ከሌለው እስኪሰረዝ ወይም ቦታ ጠቦ እስኪወጣ ድረስ ይዋሻል።

ስለዚህ ችግር በዝርዝር ከጻፉት ሰነዶች አንዱ የፌስቡክ መሐንዲሶች በ2013 ያወጡት ጥናት ነው። መፍትሔያቸው ደስ ይላል። ካሹ “የለኝም” ሲል አብሮ ባለ 64 ቢት ቁጥር ይሰጣል፤ እንደ ተራ ቁጥር ያለ ነገር ነው። መረጃ ማስቀመጥ የሚቻለው ያንን ቁጥር ይዞ ሲመጡ ብቻ ነው። በመሃል የስረዛ ትዕዛዝ ከመጣ ቁጥሩ ይሻራል። ስለዚህ የዘገየው አንባቢ 2400ን ይዞ ሲመጣ በሩ ላይ ይመለሳል።

ያው ቁጥር ሌላም ጣጣ ፈታላቸው። ብዙ ሰው የሚፈልገው መረጃ ሲሰረዝ ሺህ ጠያቂ በአንዴ ዳታቤዙ ላይ ይንጋጋል። እነሱ ለአንድ ስም በ10 ሴኮንድ አንዴ ብቻ ቁጥር እንዲሰጥ አደረጉ። ሌላው ጥቂት ጠብቆ ይመለሳል፤ ያን ጊዜ መረጃው አብዛኛውን ጊዜ ተቀምጦ ያገኘዋል። ለዚህ በተለይ በተጋለጡ መረጃዎች ላይ ሲለኩት፣ ዳታቤዙን የሚመታው ከፍተኛ ጫና በሴኮንድ ከ17,000 ጥያቄ ወደ 1,300 ወረደ።

የዕድሜ ገደቡ ስንት ይሁን የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። አንዳንዶች አጭር ገደብ ይበቃል፣ ስረዛ ውስጥ መግባት ራስ ምታት ነው ይላሉ። ለዜና ገጽ ምናልባት ልክ ናቸው። ለዋጋ፣ ለቀሪ ሂሳብና ለይለፍ ቃል ግን በገደብ ብቻ መተማመን አያዋጣም። የታገደ ሰው ለ5 ደቂቃ እንደልቡ ሲገባ ቢቆይ ማን ይጠየቃል? ሁለቱን አብሮ መጠቀም ይሻላል፦ ስረዛው ዋናው፣ ገደቡ መጠባበቂያ።

ያረጀ መረጃ ክፋቱ ዝም ማለቱ ነው። ዳታቤዝ ሲወድቅ ስልክ ይጮኻል፤ ካሽ ሲዋሽ ግን ሎጉ ንጹህ፣ ፍጥነቱም ጥሩ ነው። አንዱ ምልክት ገጹን ሪፍሬሽ ባደረጉ ቁጥር ዋጋው አንዴ 2400፣ አንዴ 2700 መሆኑ ነው። ብዙውን ጊዜ ያው መረጃ በተለያዩ የካሽ ሰርቨሮች ላይ ተቀድቶ ሳለ ከቅጂዎቹ አንዱ ስረዛው አልደረሰውም ማለት ነው። ሁለተኛው የደንበኛ ቅሬታ ነው፤ እሱ ግን ዘግይቶ ይደርሳል።

የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በ2022 ይፋ ያደረገው ፖላሪስ የተባለው መሣሪያ ቅሬታ ሳይጠብቅ ይፈትሻል። ራሱን እንደ ካሽ ሰርቨር አስመስሎ የስረዛ መልእክቶቹን ይቀበላል። ከዚያ እንደ ተራ ደንበኛ ሆኖ ቅጂዎቹን ሁሉ ይጠይቃል፤ ከመልእክቱ የቆየ መረጃ የያዘ ካለ ይመዘግበዋል። ወዲያው ግን አይከስም። በደቂቃ ውስጥ የሚስተካከል መዘግየት ሊሆን ይችላልና ቆይቶ ደግሞ ይጠይቃል። ካልተስተካከለ ነው ለማረጋገጥ ዳታቤዙን የሚያስቸግረው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ካሹ በእጅ እስካለ ድረስ ነው። የተጠቃሚው ብራውዘር ውስጥ የገባውን ማንም ከሩቅ ሊሰርዘው አይችልም። አንድ ፋይል `Cache-Control: max-age=31536000` ተብሎ ከተላከ፣ ብራውዘሩ ለአንድ ዓመት ሰርቨሩን ሳይጠይቅ ሊጠቀምበት ይችላል። ለዚህ ነው ዌብ ሠሪዎች ፋይሉ በተቀየረ ቁጥር ስሙንም የሚቀይሩት፤ `app.3f9c1e.js` የሚመስሉት ስሞች የመጡት ከዚህ ነው። ወደ አዲሱ ስም የሚመራው የ`index.html` ገጽ ግን ስሙ ስለማይቀየር፣ ረጅም ዕድሜ አይሰጠውም።