ኬሞቴራፒ፣ የጨረር ሕክምናና ዒላማ ተኮር ሕክምና የካንሰር ሕዋስን የሚያጠቁባቸው መንገዶች

ሦስቱም ሕክምናዎች የሚሰጡት የካንሰር ሕዋሳትን ለማጥፋት ነው፤ የሚያጠቁበት መንገድ ግን ይለያያል፤ የጎንዮሽ ጉዳታቸው የትና መቼ እንደሚታይ በአብዛኛው የሚወስነውም ይኸው ልዩነት ነው። ይህ በግልጽ የሚታየው ሦስቱንም ሊጠይቅ በሚችለውና ሄር2 የተባለው ፕሮቲን በበዛበት የጡት ካንሰር ላይ ነው። ዕጢዋ በቀዶ ሕክምና ወጥቶ በብብቷ ንፍፊቶች ውስጥም የካንሰር ሕዋስ የተገኘባትን ታካሚ እንደ ምሳሌ እንውሰድ።

በተለመደው አንድ ቅደም ተከተል መሠረት መጀመሪያ ዶክሶሩቢሲንና ሳይክሎፎስፋማይድ የተባሉት የኬሞቴራፒ መድኃኒቶች በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ፣ በጠቅላላው አራት ጊዜ በደም ሥሯ ይሰጧታል። ሳይክሎፎስፋማይድ የዲኤንኤን ሁለት ክሮች እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ዶክሶሩቢሲን ደግሞ የተጠማዘዘውን ዲኤንኤ እየቆረጠ የሚያፍታታውን ኢንዛይም የቆረጠውን መልሶ እንዳይቀጥል ያግደዋል። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ለ12 ሳምንታት የሚሰጠው ፓክሊታክሰል፣ ሕዋሱ ለሁለት ሲከፈል ክሮሞሶሞችን ወደ ሁለት ወገን የሚስቡት ጥቃቅን ቱቦዎች እንዳይላቀቁ ስለሚያደርግ ሕዋሱ ክፍፍሉን ሳይጨርስ ይሞታል።

እነዚህ መድኃኒቶች ካንሰሩን ከጤናማው ለይተው አያውቁም፤ በተለይ የሚጎዱት ቶሎ ቶሎ የሚከፋፈለውን ሕዋስ ነው። የፀጉር ሥር፣ የአፍና የአንጀት ሽፋን እንዲሁም የአጥንት መቅኒ አብረው የሚመቱትም ለዚህ ነው። ፀጉር ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው መድኃኒት በኋላ በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት መካከል መርገፍ ይጀምራል። ከሁሉም የሚያሰጋው የነጭ የደም ሕዋሳት መቀነስ ሲሆን፣ ቁጥራቸው በጣም የሚያሽቆለቁለው መድኃኒቱ ከተሰጠ ከ7 እስከ 14 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚህ ወቅት 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የደረሰ ትኩሳት፣ ሌላ ምንም ምልክት ባይኖር እንኳ፣ እስከ ነገ ሊቆይ የማይገባው ድንገተኛ ሁኔታ ነው፤ ኢንፌክሽኑን የሚዋጋ ሕዋስ ስለሌለ መግል ወይም እብጠት ላይታይ ይችላል።

ሁሉም ጉዳት ግን ከሕዋስ ክፍፍል ጋር የተያያዘ አይደለም። የነርቭ ሕዋሳት አይከፋፈሉም፤ ሆኖም በረጅሙ ክራቸው ውስጥ ንጥረ ነገር የሚያመላልሱት በእነዚያው ጥቃቅን ቱቦዎች ላይ ነው። ስለዚህ ፓክሊታክሰል የሚያስከትለው መደንዘዝ የሚጀምረው ረጃጅሞቹ ነርቮች ከሚያበቁበት ከእግርና ከእጅ ጣቶች ነው። ታካሚዋ የልብሷን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅታት ለሐኪሟ መንገር አለባት፤ መጠኑ በጊዜው ካልተቀነሰ ጉዳቱ ሊከርም ይችላልና።

ዒላማ ተኮር የሆነው ትራስቱዙማብ ከፓክሊታክሰሉ ጋር ተጀምሮ እስከ አንድ ዓመት ይቀጥላል። በሕዋሱ ገጽ ላይ ካለው ሄር2 ጋር ተጣብቆ ‹‹ተባዛ›› የሚለውን ምልክት ይገታል፣ ሕዋሱንም ለበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ያመለክታል። ሄር2 መብዛቱ አስቀድሞ ከዕጢው በተወሰደ ናሙና መረጋገጥ አለበት፤ ዒላማው በሌለበት ይህ መድኃኒት ቦታ የለውም። ፀጉር አያረግፍም፣ መቅኒንም እንደ ኬሞቴራፒ አይጎዳም፤ በመጀመሪያው ቀን ግን ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት ሊያመጣ ይችላል። ዋናው ሥጋት ልብ ነው፤ የልብ ጡንቻ ሕዋሳትም ራሳቸውን ለመጠገን ሄር2ን ይጠቀማሉ። ዶክሶሩቢሲንም በራሱ መንገድ ልብን ስለሚጎዳ ሁለቱ በአብዛኛው ተለያይተው ይሰጣሉ፤ የልብ አልትራሳውንድም ከሕክምናው በፊትና በየሦስት ወሩ ገደማ ይደረጋል። ትራስቱዙማብ ያመጣው የልብ ድካም መድኃኒቱ ሲቆም ብዙ ጊዜ ይሻሻላል፤ በዶክሶሩቢሲን የሞተ የልብ ጡንቻ ግን አይተካም።

ኬሞቴራፒው ሲያበቃ የጨረር ሕክምናው ይጀመራል፤ ለምሳሌ 40 ግሬይ የጨረር መጠን በ15 ቀናት ተከፋፍሎ በሦስት ሳምንት ውስጥ ይሰጣል። ጨረሩ በሕዋሱ ውስጥ ያለውን ውኃ ሰንጥቆ የሚፈጥራቸው ቅንጣቶች የዲኤንኤውን ሁለት ክሮች ይበጥሳሉ። መጠኑ የሚከፋፈለው ጤናማው ሕዋስ በየመሐሉ ራሱን እንዲጠግን ነው፤ የካንሰር ሕዋስ የመጠገን አቅሙ ብዙውን ጊዜ የተዛባ ነው። የተመታው ሕዋስ በአብዛኛው የሚሞተው ለመከፋፈል ሲሞክር በመሆኑ የቆዳው መቅላትና መቁሰል ዘግይቶ ይጀምራል፣ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ሊብስ ይችላል። ከድካም በስተቀር ጉዳቱ ጨረሩ ባረፈበት ቦታ ይወሰናል። ካንሰሩ በግራ ጡት ከሆነ ልብ ቅርብ ስለሆነ ታካሚዋ ጨረሩ ሲለቀቅ ትንፋሿን በረጅሙ ስባ እንድትይዝ ሊደረግ ይችላል፤ የሞላው ሳንባ ልቡን ከደረት ግድግዳው ያርቀዋል።