ቲፕስተሩ ጎበዝ ነው ወይስ ዕድል ቀንቶት? ስለ 300 ውርርዶች የሚነገሩ ስህተቶች

«ከአሥር ስምንቱን ይመታል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?»

ኦዱ ካልተነገረ ይህ ቁጥር ማስረጃ አይሆንም። በ1.25 ኦድ 300 ጊዜ የተወራረደ ሰው 240ውን ቢመታ የሚያገኘው 240 ጊዜ 0.25፣ ማለትም 60 መደብ ነው፤ አንድ መደብ በአንድ ውርርድ የሚገባው ገንዘብ ነው። በቀሩት 60 ጨዋታዎች ደግሞ 60 መደብ ይከስራል። ከአሥር ስምንት መትቶ ትርፉ ዜሮ ነው።

«በ300 ውርርድ 30 መደብ አትርፏል፤ ዕድል ይህን ያህል አይቆይም።»

ይቆያል። ይህ አባባል ከሁሉም በላይ ያሰለቻል፤ ምክንያቱም በአንድ መስመር ሂሳብ ሊጣራ የሚችለውን ነገር ሰው በስሜት ይከራከርበታል። ሂሳቡ እንዲህ ነው።

በኤክሴል ወይም በጎግል ሺትስ ከረድፍ 2 ጀምሮ በዓምድ A ቀኑን፣ በB ኦዱን፣ በC ውጤቱን ጻፉ። ውርርዱ ከተሳካ C ላይ ከኦዱ 1 ተቀንሶ የሚቀረው ይገባል፤ ካልተሳካ -1። ጨዋታው ተሰርዞ ገንዘብ ከተመለሰ ረድፉን አውጡት። ቲፕስተሩ «ዛሬ አምስት እጥፍ ግቡ» ቢልም እናንተ ለሁሉም አንድ አንድ መደብ ቁጠሩ፤ አለበለዚያ ሁለት ሦስት ትልልቅ ውርርዶች ውጤቱን ሁሉ ይጎትቱታል።

ቀጥሎ ሰውየው ኦዱን የሚበልጥበት ምንም ችሎታ የለውም ብለን እንነሳ። ያኔ የአወራራጁ ድርሻ ካልታሰበ የሚጠበቀው ትርፍ ዜሮ ነው፤ በዕድል ብቻ ግን ወደ ላይም ወደ ታችም ይዋዥቃል። የአንድ ውርርድ ቫሪያንስ ከኦዱ 1 ተቀንሶ የሚቀረው ነው። የሁሉም ተደምሮ ስኩዌር ሩቱ ሲወሰድ የመዋዠቁ ልክ ይገኛል። ትርፉን ለዚህ ልክ ማካፈል ነው፤ የመጀመሪያውን መስመር E1 ላይ፣ ሁለተኛውን E2 ላይ አስገቡ፦

```
=SUM(C2:C301)/SQRT(SUM(B2:B301)-COUNT(B2:B301))
=1-NORM.S.DIST(E1,TRUE)
```

ሁሉም ውርርዶች በ2.00 ኦድ ከሆኑና 165ቱ ከተመቱ ትርፉ 165 ሲቀነስ 135፣ ማለትም 30 መደብ ነው። የመዋዠቁ ልክ የ300 ስኩዌር ሩት፣ 17.3 ገደማ ይሆናል። 30 ለ17.3 ሲካፈል 1.73 ይመጣል፤ E2 ላይ የሚታየው 0.042 ገደማ ነው። ችሎታ ከሌላቸው 1,000 ሰዎች 42ቱ ያህል ይህን ወይም ከዚህ የተሻለ ትርፍ በዕድል ብቻ ያገኛሉ ማለት ነው።

ያው 30 መደብ በ5.00 ኦድ የተገኘ ቢሆን ኖሮ የመዋዠቁ ልክ ወደ 34.6 ያድጋል፣ E1ም 0.87 ብቻ ይሆናል። ያኔ ችሎታ ከሌላቸው አምስት ሰዎች አንዱ ያህል በዕድል ብቻ ይደርስበታል። ስለዚህ ኦዱ ከፍ ባለ ቁጥር 300 ውርርድ የሚያስረዳው እያነሰ ይሄዳል። ብዙ ጨዋታ የተሰካካበትና ኦዱ 30 እና 40 የሚደርስ ትኬት ላይ ደግሞ ይህ ቀመር አይሠራም፤ ጥቂት ትኬቶች ሙሉውን ትርፍ ስለሚወስኑ የኖርማል ስርጭት ግምቱ ይፈርሳል።

«0.042 ከወጣ 96 በመቶ ችሎታ አለው ማለት ነው።»

አይደለም። ከ1,000 ቲፕስተሮች እውነተኛ ችሎታ ያላቸው 10 ብቻ ናቸው እንበል፤ አሥሩም ፈተናውን ይለፉ። ከቀሩት 990 ደግሞ 42 ያህሉ በዕድል ያልፋሉ። ካለፉት 52 ውስጥ አምስት እጅ አራቱ ዕድለኞች ናቸው።

«ሃያ ቻናል አይቼ ምርጡን ነው የመረጥኩት።»

መምረጡ ራሱ ሂሳቡን ያበላሸዋል። ሃያዎቹ ሁሉ ችሎታ ባይኖራቸው እንኳ ቢያንስ አንዱ 0.042 ወይም ከዚያ ያነሰ የማምጣቱ ዕድል 58 በመቶ ያህል ነው። መፍትሔው ያለፈውን መዝገብ ትቶ ከመረጣችሁበት ቀን ጀምሮ አዲስ መቁጠር ነው። በአሮጌው መዝገብ መፍረድ ግድ ከሆነ 0.05ን ለ20 አካፍላችሁ ከ0.0025 በታች ጠይቁ።

«መዝገቡ ቻናሉ ላይ ተለጥፏል፤ እሱን ልቁጠር።»

የከሰረ ትኬት ከቻናል ሊሰረዝ ይችላል፤ የተለጠፈውም ኦድ እናንተ ስትገቡ ላይኖር ይችላል። ጥቆማው በወጣ ሰዓት ራሳችሁ መዝግቡ፤ B ላይ የሚገባውም በዚያች ደቂቃ በእናንተ ስክሪን ላይ ያለው ኦድ ይሁን። ከላይ ባለው ምሳሌ 2.00 የነበረው ወደ 1.90 ቢወርድ 165ቱ ድሎች 148.5 መደብ ብቻ ይከፍላሉ፣ ትርፉም ከ30 ወደ 13.5 ይወርዳል። E1 0.82፣ E2 ደግሞ 0.21 ገደማ ይሆናል።

«ስንት ውርርድ ይበቃል ታዲያ?»

በኦዱና በትርፉ መጠን ይወሰናል። በ2.00 ኦድ ከመቶ 5 የሚያተርፍ ሰው E1 ላይ 2 ለመድረስ 1,600 ውርርድ ያስፈልገዋል። ከመቶ 10 ለሚያተርፍ 400 ይበቃል።